በአዝማች ላይ ድምፅን በድምፅ ስለ መደረብ



ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት መዘምራኖቻችን አዝማቹን በሚያነሡበት ጊዜ ድምፃቸውን በሁለትና በሦስት፥ አንዳንድ ጊዜም በአራት ወገን ከፍለው እንዴት እንደሚያዜሙ ነው። ከመካከላችሁ ብዙዎች «አንዱ ወገን ሌላ፥ ሁለተኛው ወገን ሌላ እያለ እንዴት ሳይጣላ ይሄዳል?» ብላችሁ ጠይቃችኋል። ቅር ያላቸውም አሉ፤ «አንድ ሆኖ የተጀመረውን ዜማ ስለ ምን ትከፋፍሉታላችሁ?» ይላሉ። ሁለቱም ጥያቄ መልስ የሚገባው ነውና እንደሚቻለኝ አስረዳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ድንበሩን ላስምር። ይህ ንግግር የቅዳሴንና የማኅሌትን ዜማ አይነካም። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በግዕዝም፥ በዕዝልም፥ በዓራራይም ቢሆን በአንድ ዜማ የሚሄድ ነው፤ ውበቱም ያለው በድምፁ መውጣትና መውረድ፥ በምልክቱም አጣጣል ነው። በላዩ ሌላ ድምፅ ቢደረብበት ያ ረቂቅ ምልክት ይሸፈናል፤ ስለዚህ ማንም እንዲሞክረው አልመክርም። እኔ የምናገረው በአማርኛ ስለሚዘመረው መዝሙር፥ ያውም ስለ አዝማቹ ብቻ ነው። ግጥሙን አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች ብቻቸውን ያወጡታል፤ አዝማቹን ግን ሁሉ ይቀበለዋል። ድርቡ የሚያምረውም ከዚያ ከብቸኛው ድምፅ በኋላ ሲመጣ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተደርቦ የሚሄድ መዝሙር ግን ጆሮን ያደክማል፤ አዝማቹም አዝማች መሆኑ አይታወቅም።

እንግዲህ ከቀላሉ እንጀምር። አባትና ትንሽ ልጁ ጐን ለጐን ቆመው አንድ መዝሙር ሲዘምሩ ሁለቱም አንድ ነገር የሚሉ ይመስላቸዋል። ነገር ግን አንድ አይደለም። የልጁ ድምፅ በአንድ ሴኮንድ 300 ጊዜ የሚርገበገብ እንደ ሆነ የአባቱ 150 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይኸውም ልክ እኩሌታው ነው። ይህን ርቀት ስምንተኛ እንለዋለን፤ የውጭ አገር ሰዎች ኦክታቭ የሚሉት ነው። ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ፋ፥ ሶል፥ ላ፥ ሲ ብለን ስንቈጥር ስምንተኛው ተመልሶ ዶ ስለሚሆን ስሙ ከዚያ የመጣ ነው። የስምንተኛ ጠባይ ድምፁን ማወፈር ብቻ ነው፤ አዲስ ነገር አያመጣም። ስለዚህ ወንዶችና ሴቶች አንድ ላይ በሚዘምሩበት ጉባኤ ሁሉ፥ ማንም ሳያስተምራቸው፥ ድርብ ድምፅ አስቀድሞ አለ ማለት ነው። «ዜማውን ስለ ምን ትከፍሉታላችሁ» ለሚሉን ወንድሞች የመጀመሪያው መልሳችን ይኸው ነው፤ መከፈሉን የጀመርነው እኛ አይደለንም።

ሦስተኛና ስድስተኛ ግን አዲስ ነገር ያመጣሉ። ሦስተኛ ማለት መነሻውንም መድረሻውንም ቈጥረን ሦስት ደረጃ የሚሆን ርቀት ነው፤ ከዶ እስከ ሚ፥ ከሚ እስከ ሶል እንደ ማለት ነው። ስድስተኛም እንዲሁ ከታችኛው ሶል እስከ ሚ፥ ወይም ከዶ እስከ ላ ነው። ሁለቱ እኅትማማቾች ናቸው፤ አንዱን የሚያውቅ ሁለተኛውን ያውቃል። ስለ ምን ቢሉ፥ ዜማው ሚ ላይ ሳለ ሦስተኛ ወደ ላይ ብንወጣ ሶልን እናገኛለን፤ ስድስተኛ ወደ ታች ብንወርድም የምናገኘው ያንኑ ሶልን ነው፥ ነገር ግን የታችኛውን። ሦስትና ስድስት ዘጠኝ ሲሆን እንዴት ስምንተኛን ይሞላሉ የሚል ቢኖር፥ መካከለኛው ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለ ተቈጠረ ነው እንለዋለን። ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ትልቅ ነው። አንዲት ተከታይ ዜማ አስተምረን ሴቶች ቢዘምሩት ከዋናው ዜማ በላይ ሦስተኛ ይሆናል፤ ያችኑ ዜማ ወንዶች በወፍራም ድምፃቸው ቢዘምሩት ከዋናው በታች ስድስተኛ ይሆናል። አንድ ትምህርት ለሁለት ድርብ ይበቃል።

በአውሮፓ ይህ አዘማመር ረጅም ታሪክ አለው። ለኦርክኒ ደሴቶች ቅዱስ ለማግኑስ የተዘመረ አንድ የላቲን መዝሙር በስዊድን አገር በኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ በሚገኝ የ13ኛው መቶ ዓመት የብራና መጽሐፍ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፤ ሁለቱ ድምፆች ከሞላ ጐደል በሦስተኛ ርቀት ጐን ለጐን ይሄዳሉ። በ15ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ጊዮም ዱፋይ የተባለው የዜማ ሊቅ ዜማውን ከላይ አድርጎ፥ ከበታቹ በስድስተኛ የሚሄድ ሁለተኛ ድምፅ ይጽፍ ነበር። መካከለኛው ዘማሪ ምንም አልተጻፈለትም፤ ከላይኛው አራተኛ ዝቅ ብሎ በጆሮው ይከተል ነበር። የዱፋይ ስድስተኛዎች በሐረጉ መነሻና መድረሻ ላይ ወደ ስምንተኛ ይከፈታሉ። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ እኛው አገር እንምጣ። በአውሮፓ መሰላል ሰባት ድምፅ ስላለ ሦስተኛን ማግኘት ቀላል ነው፤ አንዱን ዘልሎ ቀጣዩን መያዝ ነው። የእኛ መዝሙሮች ግን አብዛኞቹ በአምስት ድምፅ ቅኝት የተሠሩ ናቸው። የትዝታን ሙሉ ቅኝት ብንወስድ ዶ፥ ሬ፥ ሚ፥ ሶል፥ ላ ብቻ ነው ያለው፤ ፋና ሲ የሉም። እንግዲህ ሬ ላይ ቆመን ሦስተኛ ወደ ላይ ብንወጣ ፋ ላይ እንወድቃለን፤ ከሶል ብንወጣም ሲ ላይ። ሁለቱም ለቅኝቱ እንግዶች ናቸው። በብዙ ቦታ የሚሰማው ስሕተት ይህ ነው። መዘምራኑ ኦርጋኑ ላይ አንዱን ነጭ እየዘለሉ ሦስተኛውን ይፈልጋሉ፤ ፋና ሲም ይገባሉ። ሰሚውም ምን እንደ ሆነ መናገር ባይችል እንኳ «መዝሙሩ የእኛ መሆኑ ቀረ» ይላል። እውነቱንም ነው፤ ዜማው ባይለወጥ ቅኝቱ ተለውጧልና።

ስለዚህ ለትዝታ ሌላ ሥርዓት ያስፈልገዋል፤ እርሱም ሦስተኛው በቅኝቱ ውስጥ ባለበት ሦስተኛውን መያዝ፥ በሌለበት ደግሞ አንድ ደረጃ ጨምሮ አራተኛውን መያዝ ነው። ለዶ ተከታዩ ሚ ነው። ለሬ ፋ ስለሌለ ሶል ይሆናል። ለሚ ሶል ነው። ለሶል ሲ ስለሌለ ላይኛው ዶ ይሆናል። ለላም ያው ላይኛው ዶ ነው። እንዲህ ሲሆን ተከታዩ ዜማ የሚመላለሰው በሦስት ድምፆች ብቻ፥ በሚና በሶል በላይኛውም ዶ መካከል ነው። ዋናው ዜማ ሲወዛወዝ እርሱ ዝግ ብሎ ይቆማል፤ ለመማርም ቀላል ነው። ብቻውን ሲሰማ ደረቅ ይመስላል፥ ከዋናው ጋር ሲሆን ግን ያማረ ነው። ለአንቺ ሆዬ፥ ለባቲና ለአምባሰል ይህን ቈጠራ እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ ድምፆቻቸው የተቀመጡበት ርቀት ልዩ ስለ ሆነ ለእያንዳንዱ ቅኝት ለብቻው እንደገና መቍጠር ነው።

ነገሩ እንዲታይ ለምሳሌ ያህል አንድ አጭር አዝማች አዘጋጅቻለሁ። የመጀመሪያው ሐረግ ሚ፥ ሶል፥ ላ፥ ሶል፥ ሚ፥ ሬ፥ ሚ ይላል፤ የመጨረሻዋ ሚ ረዥም ናት። ሁለተኛው ሐረግ ሚ፥ ሶል፥ ሚ፥ ሬ፥ ዶ፥ ሬ፥ ዶ ብሎ በረዥም ዶ ያርፋል። በሥርዓታችን መሠረት ተከታዩ ዜማ በመጀመሪያው ሐረግ ሶል፥ ዶ፥ ዶ፥ ዶ፥ ሶል፥ ሶል፥ ሶል ይላል፤ በሁለተኛውም ሶል፥ ዶ፥ ሶል፥ ሶል፥ ሚ፥ ሶል፥ ሚ ይላል። እዚህ የተባለው ዶ ሁሉ ላይኛው ዶ ነው። ዋናውን ዶ ሴቶች ለመዘመር በሚመቻቸው፥ በአንድ ሴኮንድ 300 ጊዜ ያህል በሚርገበገበው ከፍታ ላይ ብናደርገው፥ ላይኛው ዶ 600 ይሆናል፤ ይህም ለቀጭን ድምፅ ሴቶች ከልክ ያላለፈ ነው።

ድርቡን የምናነባብረው እንዲህ ነው። አስቀድሞ ሴቶች ዋናውን ዜማ፥ ወንዶችም ያንኑ በስምንተኛ ዝቅ ብለው ይዘምራሉ። ይህ መሠረቱ ነው፤ እርሱ ሳይጸና ሌላ አይጨመርም። ሁለተኛ፥ ከወንዶች ቀጭን ድምፅ ያላቸው ጥቂቶች ተለይተው ተከታዩን ዜማ በወፍራሙ ከፍታ ይይዛሉ፤ እርሱም ከሴቶቹ በታች ስድስተኛ ይሆናል። በሬና በሶል ላይ ግን ርቀቱ አምስተኛ ነው፤ ለሴቶቹ አራተኛ የነበረው ሲገለበጥ አምስተኛ ይሆናልና። አምስተኛም ጸጥ ያለ፥ የማያስቸግር ርቀት ነው። ሦስተኛና የመጨረሻ፥ ቀጫጭን ድምፅ ያላቸው ሴቶች ልጆች ያንኑ ተከታይ ዜማ ከዋናው በላይ በሦስተኛ ያነሡታል።

ስድስተኛውን ከሦስተኛው በፊት ያስቀደምሁት በምክንያት ነው። የሰው ጆሮ ከሁሉ በላይ ያለውን ድምፅ ዋናው ዜማ ነው ብሎ ይይዛል። ልጆቹ ከላይ በሦስተኛ ሲዘምሩ ምእመናኑ እነርሱን መከተል ይጀምራሉ፤ ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መዝሙሩ ሌላ ሆኖ በየቤቱ ይዘመራል። ስድስተኛው ግን ከዋናው በታች ስለ ተቀመጠ ዋናውን ዜማ አይሸፍነውም፤ ርቀቱም ሰፊ ስለ ሆነ ሁለቱ ድምፆች አይጋፉም። አንድ ድርብ ብቻ የሚበቃ ቢሆን እኔ የምመርጠው ስድስተኛውን ነው። የላይኛው ሦስተኛ እንደ ጌጥ ነውና ለመጨረሻው አዝማች ብቻ ቢቀመጥ ይሻላል።

አሁን አስቀድሜ «ልብ በሉልኝ» ያልሁት ነገር ደረሰ፤ እርሱም የሐረጉ መድረሻ ነው። በሁለተኛው ሐረግ መጨረሻ ዋናው ዜማ ዶ ላይ ሲያርፍ በሥርዓቱ መሠረት ስድስተኛ የሚይዙት ወንዶች ሚ ላይ፥ ስምንተኛ የሚይዙት ወንዶችም ታችኛው ዶ ላይ ይደርሳሉ። ይህ ዶና ሚ በጣም ዝቅ ባለ ስፍራ የተቀራረቡ ናቸው፤ የመጀመሪያው 150፥ ሁለተኛው 190 ያህል ነው። ሦስተኛ በከፍተኛ ስፍራ ጣፋጭ ነው፤ ወደ ታች በወረደ መጠን ግን ይጐረብጣል፥ ቀጥሎም እንደ ጕርምርምታ ይሆናል። በ150 አካባቢ ገና የሚታገሡት ነው። ነገር ግን መሪው ለሴቶች ይቅለላቸው ብሎ መዝሙሩን ሁለት ደረጃ ዝቅ ያደረገው እንደ ሆነ ወፍራሙ ስፍራ ወዲያው ይደፈርሳል። ይህን ለማወቅ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ማዳመጥ ነው፤ ቃሉ ሳይሰማ እምምታ ብቻ የሚደርስ ከሆነ ሦስተኛው ከልክ በታች ወርዷል ማለት ነው።

መድኀኒቱም ቀላል ነው። ስድስተኛ የሚይዙት ወንዶች ከመጨረሻው በፊት ሶል ላይ ነበሩና ወደ ሚ ሳይወርዱ እዚያው ሶል ላይ ይቈዩ። በዚህ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ስንቈጥር ታችኛው ዶ፥ ሶል፥ የሴቶቹ ዶ፥ የልጆቹም ሚ ይሰማል። ወፍራሙ ስፍራ ላይ አምስተኛ፥ በዳርና በዳር ዶና ዶ፥ ሚ ደግሞ በላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል። ዱፋይ ስድስተኛውን በመድረሻው ወደ ስምንተኛ ይከፍተው የነበረበት ምክንያትም ከዚህ ጋር አንድ ነው፤ መድረሻ ላይ ጆሮ ዕረፍት ይፈልጋል፥ ዕረፍትም የሚገኘው ሰፊ ከሆነው ርቀት ነው።

በመድረሻ ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። አንዳንድ መዘምራን ሁለተኛውን ድምፅ ከዋናው ዜማ በታች በሦስተኛ ማስኬድ ይወዳሉ። በመካከሉ መልካም ነው፤ ሶል ሲሆን ሚ፥ ሚ ሲሆን ዶ ይይዛሉ። መጨረሻ ላይ ግን ዋናው ዜማ ዶ ሲያርፍ ከበታቹ ያለው ሦስተኛ ላ ነው። ላ ከዶ በታች ሲገባ ዶ መሠረትነቱን ያጣል፤ መዝሙሩ በደስታ ሄዶ በኀዘን የቆመ፥ ወይም ገና ያላለቀ ይመስላል። ምእመናኑ ደጋግመው አዝማቹ ካለቀ በኋላ ሌላ ሐረግ የሚጠብቁ ከሆነ መንሥኤው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው። በመጨረሻዋ ድምፅ ላይ ብቻ ላውን ትቶ ወደ ሶል መውረድ ይበቃል።

ቀጥሎ የምናገረው ድምፁን ስለ ማስማማት ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመን እርሱ ነውና። ዶ 300 ጊዜ ሲርገበገብ ከእርሱ ጋር ፍጹም የሚስማማው ሚ 375 ነው፤ አራቱን ለአምስት ማለት ነው። ኦርጋኑ ላይ ያለው ሚ ግን 378 ያህል ነው፤ የኦርጋን ድምፆች ለሁሉም ቅኝት እንዲያገለግሉ ተብለው እኩል በእኩል ስለ ተከፈሉ ሦስተኛው ትንሽ ሰፍቷል። ሦስት ርግብግቢት ምን ያደርጋል ትሉ ይሆናል። የዶ አምስተኛው ቅርንጫፍ ድምፅ 1,500፥ የሚ አራተኛው 1,512 ይሆናል፤ ሁለቱም አብረው ሲሰሙ በሴኮንድ 12 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ነገር ይፈጠራል። በኦርጋን የሠለጠኑ መዘምራን ያንን መንቀጥቀጥ ለምደውታልና አይሰሙትም። ኦርጋኑን ዘግተን ሦስተኛ የሚይዙትን ልጆች «ጥቂት፥ እጅግ ጥቂት ዝቅ በሉ» ስንላቸው ግን መንቀጥቀጡ ቀስ እያለ ይቆማል፤ ድምፁም በድንገት ይጠራል። በዚህም ጊዜ ማንም ያልዘመረው ወፍራም ድምፅ ከታች የተሰማ ይመስላል። የዚያ መሰማት ምልክት ነው፤ ሦስተኛው ልኩን አግኝቷል።

ስምንተኛው ግን ይህን ያህል ትዕግሥት የለውም። ሦስተኛ ጥቂት ቢዛነፍ ጆሮ ይቅር ይለዋል፤ ስምንተኛ ቢዛነፍ ግን መላው መዝሙር የተሳሳተ ይመስላል። ስለዚህ ልምምድ ስንጀምር ግማሽ ሰዓቱን የምናጠፋው በስምንተኛው ላይ ነው። ወንዶቹ ብዙ ጊዜ ዝቅ የሚሉት በረዥሙ ድምፅ መጨረሻ፥ ትንፋሻቸው ሲያልቅ ነው፤ መፍትሔውም ሁሉ በአንድ ጊዜ ከመተንፈስ ይልቅ ተራ በተራ መተንፈስ ነው።

ተከታዮቹ ድምፃቸውን ጥለው ወደ ዋናው ዜማ መግባታቸውን የምንመረምርበት አንድ ዘዴ አለን። አዝማቹ በመካከሉ ሳለ መሪው እጁን ያነሣል፤ ዋናውን ዜማ የሚዘምሩት ወዲያው ዝም ይላሉ። የቀሩት በዚያች ሰዓት የያዙት ድምፅ ግልጥ ሆኖ ይሰማል። ሶል መሆን የሚገባው ሚ ሆኖ ከተገኘ ተጐትተው ገብተዋል። ለዚህ ጠንቅ ወቀሳ አይረዳም። ተከታዩን ዜማ ብቻውን፥ ዋናው ሳይሰማ፥ እንደ ራሱ መዝሙር በቃል እስኪጠኑት ድረስ ማስተማር ነው። ዋናውን አስቀድመው የተማሩ ልጆች ተከታዩን በኋላ ለመያዝ ይቸገራሉ፤ ስለዚህ እነርሱን ለብቻ ክፍል አድርገን አስቀድመን ተከታዩን እናስተምራለን።

ስለ ቃሉም ጥቂት ልበል። ሦስትና አራት ድርብ ሲኖር ዜማው ትክክል ሆኖ ሳለ ነገሩ የተጣላ የሚመስልበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ በሳድስ ፊደል ላይ ነው። ረዥሙ ድምፅ በሳድስ የወደቀ እንደ ሆነ አንዱ ወደ ኢ፥ ሌላው ወደ ግዕዝ ያዘነብላል፤ አፋቸው ስለ ተለያየ ሦስተኛው ትክክል ቢሆን እንኳ አይገጥምም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ረዥም ድምፅ አፍ እንዴት እንደሚከፈት አስቀድመን እንስማማለን። ደግሞ በጥ፥ በጭ፥ በቅ፥ በጵ የሚያልቅ ቃል ሲሆን ሃያ ሰው በተለያየ ቅጽበት ቢያፈነዳው በቆርቆሮ ላይ የወደቀ በረዶ ይመስላል። እኛ የምናደርገው መጨረሻውን ፊደል ዋናውን ዜማ የሚዘምሩት ብቻ ጥርት አድርገው እንዲሉት፥ ተከታዮቹም ድምፁን ብቻ ይዘው ፊደሉን እንዲያለዝቡት ነው። ምእመናኑ ቃሉን ሙሉ ሆኖ ይሰሙታል፤ ማን እንደ ጨረሰው ግን አያውቁም።

ቍጥሩ ምን ያህል ይሁን? 16 መዘምራን ቢኖሩን ስድስቱን ሴቶች በዋናው ዜማ፥ አራቱን ወንዶች በስምንተኛው፥ ሦስቱን ወንዶች በስድስተኛው፥ ሦስቱንም ልጆች በላይኛው ሦስተኛ እናደርጋለን። ይኸውም ዋናውን ዜማ በሁለቱም ከፍታ የያዙት 10፥ ጌጡን የያዙት 6 ናቸው። ሰው ሲጨመርልን በመጀመሪያ የምንጨምረው በዋናው ላይ ነው። ቀጫጭን ድምፅ ከጥቂትነቱም በላይ ስለሚሰማ ሦስቱ ልጆች ከበቂም በላይ ናቸው፤ እንዲያውም ከኋላ ረድፍ እናቆማቸዋለን። ስድስተኛ የሚይዙት ወንዶች ስምንተኛ ከሚይዙት ጋር ተቀላቅለው ቢቆሙ ይጐተታሉና በመካከላቸው የአንድ ሰው ያህል ስፍራ መተው ይገባል። ድምፅ ማጉያ በተተከለበት ቀን ደግሞ ማይክሮፎኑ ከዋናው ዜማ ፊት መቆም አለበት፤ ከላይኛው ሦስተኛ ፊት የቆመ እንደ ሆነ ከላይ የተናገርሁት ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ምእመናን አብረው ሲዘምሩ አንድ ነገር ይለወጣል። በጉባኤው ያሉት ወንዶች ሁሉ ሳያስቡት በስምንተኛ ዝቅ ብለው ስለሚዘምሩ ወፍራሙ ስፍራ ይሞላል። በዚያን ጊዜ ከመዘምራኑ አራቱ ወንዶች ስምንተኛውን ትተው ወደ ስድስተኛው ይዛወራሉ፤ እናንተ ሥራቸውን ተቀብላችኋቸዋልና።

አሁን እንግዲህ መዘምራኑ ይነሡና ያንን አጭር አዝማች አራት ጊዜ ያሰሙናል። በመጀመሪያው ሴቶች ብቻቸውን፥ በሁለተኛው ወንዶች በስምንተኛ ተጨምረው፥ በሦስተኛው ስድስተኛው ገብቶ፥ በአራተኛውም ልጆች ከላይ አንሥተው ይዘምራሉ። በአራተኛው ጊዜ የመጨረሻዋን ድምፅ ስሙልኝ፤ ከሦስቱ ወንዶች አንዱ እንኳ ተሳስቶ ወደ ሚ የወረደ እንደ ሆነ ከበሩ አጠገብ ያላችሁት ከእኔ ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ።